የቃል ማስጠንቀቂያ ቢጻፍም ያው ቃል ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ ከሚሴን የሚያውቃት በምሳ ወይም በሻይ ሰዓት ነው። ከመኪና ወርዶ ግራና ቀኙን ቢቃኝ የእህል መጋዘኖች፣ የግንባታ ዕቃ መደብሮች፣ ሆቴሎችና ጋራዦች ዋናውን መንገድ ይዘው ተደርድረዋል። ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ በባለንብረቱ የሚመሩ ናቸው። የሠራተኛ አስተዳደር የሚባል ክፍል የላቸውም፤ ያ ሥራ የሚሠራው ገንዘብ መቀበያው ላይ፣ ከዱቤ ደብተሩ ጎን ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እዚያው ዱቤ ደብተር ላይ ነው። ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዕዳ መካከል «ዛሬም አረፈደ፤ ነግሬዋለሁ» የሚል መስመር ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች መስመር ነው። ባለንብረቱ ስለጻፋት ብቻ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ» ብሎ ያምናል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይላትም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ በገበያ ገጽ ላይ ቦታ ባልሰጠነው፤ ነገር ግን የአሥር ሺዎች ብር ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42ም ሆነ እርሱን የተካው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ የሚያረፍድን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ማሰናበት እንደሚችል ይደነግጉ ነበር። ማስጠንቀቂያው በቃል ይሁን በጽሑፍ አላሉም። «በተደጋጋሚ» ማለት ስንት ጊዜ እንደሆነም አልቆጠሩም። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ ባለሱቅ ምስክር አቁሞ «ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ» ቢል ቢያንስ የሚያከራክረው ነገር ነበረው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 27 መሠረት ሠራተኛ በማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሰናበተው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲያረፍድ፣ በመቅረት ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ሲቀር ነው። በሁለቱም ላይ የተጨመረው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው የቆየ መሆን አለበት። ሕግ አውጪው ቁጥሩን ሲያስቀምጥ አሠሪውን ጠቅሞታል፤ «በጽሑፍ» የምትለዋን ቃል ሲጨምር ደግሞ ሠራተኛውን። ይህ ጸሐፊ እንደሚገምተው ከሚሴ ላይ የመጀመሪያው ወሬ ፈጥኖ ተሰማ፣ ሁለተኛው ዘገየ። ስምንት ጊዜ የሚለውን ሁሉም ያውቃል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከሚሴ ውስጥ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር እናስብ። የመጋዘን ሠራተኛው ከተቀጠረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደመወዙ በወር 6,000 ብር ነው። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 5 ቀን አረፈደ፤ ጥቅምት 21 ቀን ደገመው፤ ኅዳር 3 ሠለሰው። እንዲህ እያለ የካቲት 18 ቀን ስምንተኛውን ሞላ። ባለመደብሩ ስምንቱንም ቀን ከነሰዓቱ ደብተሩ ላይ ጽፏል። አራት ወይም አምስት ጊዜም አስጠርቶ ተቆጥቶታል፤ ይህንንም ጽፏል። የካቲት 20 ቀን የስንብት ደብዳቤ ሰጠው። ምክንያቱንና ቀኑን የጠቀሰ ደብዳቤ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳተም።

ሠራተኛው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ሦስት ወር አለው፤ ከሰሰ። ፍርድ ቤት ውስጥ ስንብቱ ሕጋዊ መሆኑን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ባለመደብሩ ደብተሩን ያቀርባል። ዳኛው ቀናቱን ይመለከታሉ፤ ስምንት ናቸው፣ በስድስት ወር ውስጥም ይወድቃሉ። ቀጥለው የሚጠይቁት «በጽሑፍ የሰጠኸው ማስጠንቀቂያ የት አለ?» ብለው ነው። «ይኸው ተጽፎ የለም ወይ?» ይላል ባለመደብሩ። ተጽፏል፤ ለማን ግን? ባለመደብሩ ለራሱ ነው የጻፈው። ሠራተኛው ያን ገጽ አይቶት አያውቅም፤ አልደረሰውም፤ ምን እንደሚል፣ ከተደገመ ምን እንደሚከተል አላነበበም። ደብተሩ የሚያስረዳው ቢበዛ ማርፈዱንና ንግግር መኖሩን ነው። ሕጉ የጠየቀውን አያሳይም።

ሒሳቡን እንሥራ። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛው ይመለስ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል፣ ያውም 36,000 ብር ነው። ወይም ካሳ ተከፍሎት ይሰናበት ሊል ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው የአማካይ ዕለታዊ ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ 6,000 ለ30 ሲካፈል 200፣ በ180 ሲባዛ 36,000 ብር። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝ ይጨመራል፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ሁለት ወር በመሆኑ 12,000 ብር። ሌሎች ክፍያዎችና የጠበቃ ወጪ ሳይቆጠሩ 48,000 ብር ሆነ። የአንድ ገጽ ወረቀትና የካርቦን ዋጋ ስንት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ታዲያ የቃል ማስጠንቀቂያን መመዝገብ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ ግን ሥራው ሌላ ነው። የቃል ማስጠንቀቂያ ማስታወሻ የአሠሪው ትውስታ ነው። በዚያው ቀን፣ ባይቻል በማግስቱ፣ የተናገረው ሰው ራሱ ይጽፈዋል። የሠራተኛውን ፊርማ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን «ይህን መዝግቤዋለሁ» ብሎ መንገር ጨዋነትም ብልህነትም ነው። ጥሩ ማስታወሻ ረጅም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነው፦

«ጥቅምት 21 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2፡50። የመጋዘን ሠራተኛው 2፡00 መግባት ሲገባው 2፡45 ገባ። ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ መኪና አጣሁ አለ። ሁለተኛ ጊዜው መሆኑን ነገርኩት፤ ከተደገመ በጽሑፍ እንደማስጠነቅቀው አስታወቅሁት። ገንዘብ ያዧ ነበረች።»

«ዛሬም አረፈደ፤ ነግሬዋለሁ» ከምትለው መስመር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ልዩነት አለ። ሰዓቱ አለ፤ ሠራተኛው የሰጠው ምክንያት አለ፤ የተነገረው ምን እንደሆነ አለ፤ የሰማ ሰው አለ። የሠራተኛውን ምክንያት መመዝገብ ለአሠሪው ጉዳት የሚመስላቸው አሉ። ተቃራኒው ነው። ምክንያቱን ያልጠየቀ አሠሪ በኋላ ሠራተኛው «ልጄ ታሞ ነበር፣ ነግሬው ነበር» ሲል የሚመልሰው የለውም። ደግሞም «ሰነፍ»፣ «ግዴለሽ» የሚሉ ቃላት ማስታወሻው ላይ መግባት የለባቸውም፤ ሰዓት መስካሪ ነው፣ ስድብ ግን መስካሪውን ያስጠረጥራል።

ይህ ማስታወሻ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ነገሩ በዚያ ካበቃ ሠራተኛው በማኅደሩ ላይ ደብዳቤ ሳይኖርበት ያልፋል፤ ለሁለቱም መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ካላበቃ ለደብዳቤው መነሻ ይሆናል። ከዚህ አልፎ ደብዳቤውን ሊተካ አይችልም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚለየው ተጻፈ በመባሉ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ለሠራተኛው በመሆኑና በእጁ በመግባቱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ነው፤ ቁጥርና ቀን አለው፣ በሠራተኛው ሙሉ ስም ይጻፋል፣ የመፈረም ሥልጣን ባለው ሰው ይፈረማል። ካቦው በቃል መቆጣት ይችላል፤ ደብዳቤው ግን ከባለንብረቱ ወይም ከሥራ አስኪያጁ መውጣት አለበት። ባለመደብራችን ከሦስተኛው ማርፈድ በኋላ ሊጽፍ ይገባው የነበረው እንዲህ ያለ ነበር፦

«በጥቅምት 5፣ በጥቅምት 21 እና በኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ የገቡት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። በጥቅምት 21 ቀን ስለዚሁ በቃል ተነግሮዎት ነበር። ከእንግዲህ በሰዓቱ እንዲገቡ፣ በቂ ምክንያት ሲያጋጥምዎ በዕለቱ እንዲያሳውቁ በዚህ ደብዳቤ እናስጠነቅቃለን። ማርፈዱ ከቀጠለ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት የሥራ ውልዎ ሊቋረጥ የሚችል መሆኑን እናስታውቃለን።»

ከዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ምን ሊከተል እንደሚችል ያልነገረ ደብዳቤ ወቀሳ እንጂ ማስጠንቀቂያ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሌላው የተለመደ ጉድለት «በተደጋጋሚ እያረፈዱ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ነው። ቀን የሌለው ማስጠንቀቂያ ከስድስት ወሩ ቆጠራ ጋር የሚገናኝበት ገመድ የለውም።

ባለመደብሩ ከስድስተኛው ማርፈድ በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስምንተኛው ሲሞላ አቋሙ ሌላ ይሆን ነበር። ከደብዳቤው በፊት የነበሩት ቀናት ከስምንቱ ይቆጠሩ አይቆጠሩ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። በእኔ አስተያየት ስምንቱ ከሞላ በኋላ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ምንም አይፈይድም፤ በመካከል የተሰጡ ሁለት ደብዳቤዎች ግን የሕጉን መንፈስ ያሟላሉ። አብዝቶ የሚፈራ አሠሪ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ወዲህ ያለውን ብቻ ይቁጠር። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። አሠሪው የስንብት ምክንያት መኖሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀራል። «ጾሙ ይለፍ፣ በዓሉ ይለፍ» ሲል ቀኑ ያለፈበት ሰው የያዘው ደብዳቤ ቢያምርም አይረዳውም።

አሁን ወደ ማድረስ እንምጣ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። ሠራተኛው በአንደኛው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርማል፤ ያ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። አልቀበልም ቢልስ? ሕጉ ስለ ስንብት ማስታወቂያ ሲናገር ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም ካልተቀበለ በሥራ ቦታው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት እንዲለጠፍ ይላል። ይህ የተጻፈው ለስንብት እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይደለም፤ የአንድን ሰው ጥፋት ደንበኛ በሚያይበት ግድግዳ ላይ መለጠፍም አይመከርም። ይልቁንስ ሁለት ሰዎች ባሉበት ደብዳቤውን አንብቦለት፣ ሊወስድ ፈቃደኛ አለመሆኑን በቅጂው ግርጌ ጽፎ ሁለቱ ቢፈርሙ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ የባለቤቱ ወንድም ባይሆን ይመረጣል።

ለሠራተኛውም አንድ ቃል አለኝ። «ከፈረምክ አመንክ» የሚለው የሻይ ቤት ምክር ብዙዎችን ጎድቷል። መቀበልና መስማማት ሁለት ነገር ናቸው። «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብሎ መፈረም ይቻላል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ መልሱን ጽፎ ማኅደሩ ላይ እንዲያያዝ ማስገባት፣ ቅጂውንም ማስቀረት ነው። ያልተቀበለ ሰው የሚያጣው ይህን መልስ የመስጠት ዕድል ነው።

በከሚሴና በዙሪያዋ ግን ሌላ ቦታ ላይ የማይነሳ ጥያቄ አለ፤ ቋንቋው። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ከዳዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ መጥቶ የሚሠራ ወጣት በቁቤ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ እየተናገረ ፊደሉን ግን አያነብ ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ እጁ ላይ ሲገባ የደረሰው ወረቀት ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? የመዝገቡ ትርጉም ሁሉ ሠራተኛው አውቆ መታረም ይችል ነበር በሚለው ላይ ስለሚያርፍ ጥያቄው ቀላል አይደለም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ደብዳቤውን በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ገጽ መጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በሚገባው ቋንቋ አንብቦለት «በአፋን ኦሮሞ ተነቦለታል» የሚለውን ያነበበውና የሰማው ሰው ግርጌው ላይ እንዲፈርሙ ማድረግ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ በሦስት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከር ነጋዴ ይህን አልችልም ሊል አይችልም።

ምን «ማርፈድ» እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን አለበት። አዋጁ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያገኘ ምክንያት ያለውን ማርፈድ አይቆጥርም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዕለት ለጁምዓ የሚሆን ረዘም ያለ የምሳ ዕረፍት አለ። የግል መደብር ግን በራሱ ደንብ ካልወሰነ ሠራተኛው ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት ዘግይቶ ሲገባ ዝም ብሎ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሲናደድ እነዚያን ዓርቦች መቁጠር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ቆጠራ ደብዳቤ ቢሰጥበትም ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጸና አይመስለኝም።

በመንግሥት ሠራተኞችና በግል ድርጅት መካከል ያለው መምታታትም እዚህ ላይ ቢነሳ አይከፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የቃል ማስጠንቀቂያን ራሱን የቻለ ቅጣት አድርጎ ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በፊት ዘርዝሮት ነበር። ቀበሌ ወይም ወረዳ ሠርቶ ወደ ንግድ የገባ ሰው ይህን ደረጃ ይዞ ይመጣና «የቃል ማስጠንቀቂያ» የሚል ርዕስ ያለው ቅጽ አሳትሞ ሠራተኛውን ያስፈርማል። ይህ ምን ይባላል? ለሠራተኛው የተሰጠ፣ ቀንና ውጤት የጠቀሰ ወረቀት ከሆነ በይዘቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግን በገዛ ርዕሱ ላይ «የቃል» ብሎ የጻፈን አሠሪ ጠበቃው እንዴት ያድነዋል? ስሙንና ይዘቱን ማስማማት ይቀላል።

የስልኩ ነገር ቀርቷል። ዛሬ ብዙ አሠሪ ሠራተኛውን የሚወቅሰው በቴሌግራም ነው። የድምፅ መልእክት ከሆነ ያው ንግግር ነው፣ ተቀርጾ ተቀመጠ እንጂ። የጽሑፍ መልእክት ከሆነ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ ዋጋ የለውም አይባልም። ቢሆንም መልእክቱ ከማን ስልክ እንደወጣ፣ ሠራተኛው ማየቱንና ያልተለወጠ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም አሠሪው ላይ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር ደግሞ ማኅደሩም አብሮ ይሄዳል። ዱቤ ደብተሩም ያው ነው፤ ገጹ ሲያልቅ ጓዳ ይገባል፣ ከዚያ አይጥ ይበላዋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የካርቶን ፋይል ገዝቶ፣ የቅጥር ውሉን ከታች፣ የቃል ማስጠንቀቂያ ማስታወሻዎቹን በአንድ በኩል፣ «ደርሶኛል» የተባለባቸውን ደብዳቤዎች ከነመልሳቸው በሌላ በኩል ማስቀመጥ ነው፤ ዱቤው ለብቻው ይቀመጥ።